የኢትዮጵያን ቁጥር ከናይሮቢው መግለጫ ውስጥ ማውጣት

ሳፋሪኮም ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የበጀት ዓመቱን ውጤት ይፋ ሲያደርግ በዚያው ቀን ሁለት የትርፍ ቁጥሮች ወጡ። አንደኛው 45.8 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ይላል፤ ሌላው 69.8 ቢሊዮን። አንዱ ጋዜጣ ይኸኛውን፣ ሌላው ያኛውን ይዞ ወጣ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በመካከላቸው ያለው የ24 ቢሊዮን ሽልንግ ልዩነት ግን በዋናነት የኢትዮጵያ ጉዳይ ነው፤ ቁጥሮቹን ብቻ ለቅሞ ለሄደ ሰው ይህ አይታየውም።

ሆለታ ላይ ሲም ካርድ እየሸጠ በኤምፔሳ ወኪልነት የሚሠራ ሰው ኩባንያው በአገሪቱ ላይ ምን እንዳሰበ ማወቅ ቢፈልግ፣ ሙሉውን መልስ የሚያገኘው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከናይሮቢ ነው። ሳፋሪኮም አክሲዮኑ የሚሸጠው በናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ ስለሆነ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሥራ አስፈጻሚውና የፋይናንስ ኃላፊው ባለሀብቶችንና ተንታኞችን ሰብስበው ይናገራሉ፣ ይጠየቃሉ። ንግግሩ ተቀርጾ በጽሑፍ ይወጣል። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚነገረውም እዚህም እዚያም ተበትኖ ነው የሚገኘው። ከዚህ በታች ያለው መንገድ የተበተነውን ለቅሞ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይቀላቀል በአንድ ገጽ ለማስፈር ይረዳል።

ከማንበብ በፊት

ጽሑፉን ብቻ ይዘው አይጀምሩ። ኩባንያው ለባለሀብቶች ባዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ የውጤት መግለጫው፣ በስብሰባው የታየው ስላይድና ቀረጻው ይገኛሉ፤ ሦስቱንም ያውርዱ። የንግግሩ ጽሑፍ አንድ ነገር እንዴት እንደተባለ ይነግራል፤ ቁጥሩ ራሱ የሚረጋገጠው ግን በመግለጫው ሠንጠረዥ ነው። በተጨማሪ የዛሬ ስድስት ወሩንና የዛሬ ዓመቱን ንግግር ያግኙ። አንድ ግብ መንሸራተቱን ማወቅ የሚቻለው ያለፈውን አጠገቡ አድርጎ በማየት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩን ይፍቱ። የሳፋሪኮም የበጀት ዓመት የሚዘጋው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 31 ነው። በንግግሩ ውስጥ FY25 ተብሎ የሚጠራው ዓመት ከመጋቢት 23 ቀን 2016 እስከ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለውን ይይዛል። ይህ ከእኛ የሐምሌ–ሰኔ የበጀት ዓመትም ሆነ ከጃንዋሪ–ዲሴምበሩ ዓመት ጋር አይገጥምም። ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፤ ስለዚህ ብር በፍጥነት ያሽቆለቆለባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት የወደቁት በዚሁ FY25 ውስጥ ነው። ይህን ቀን ወረቀቱ አናት ላይ ጽፎ የሚጀምር ሰው የኢትዮጵያው ገቢ ዕድገት በብርና በሽልንግ ሲለካ ለምን እንደሚለያይ ሲነገር ግራ አይገባውም።

ጽሑፉን ለሁለት መክፈል

እንዲህ ያለ ስብሰባ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። በመጀመሪያ ወደፊት ስለሚሆነው የሚነገረው ነገር ዋስትና እንዳልሆነ የሚያሳስብ የሕግ ማስጠንቀቂያ ይነበባል። ከዚያ ሥራ አስፈጻሚው ይናገራል፤ የፋይናንስ ኃላፊው ይከተላል፤ በመጨረሻም ጥያቄና መልስ ይሆናል። የመጪው ዓመት ትንበያ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የተዘጋጀው ንግግር ሊያልቅ ሲል ነው፤ ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ገጾች በተለይ ልብ ይበሉ።

የተዘጋጀው ንግግር የሚያበቃበትን መስመር ፈልገው ያስምሩበት። ከመስመሩ በላይ ያለው በጠበቃና በሒሳብ ባለሙያ ታይቶ፣ ቃሉ ተመርጦ የተነበበ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ለጥያቄ በቦታው የተሰጠ መልስ ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም። ሥራ አስፈጻሚው ለተንታኝ ሲመልስ «ወደዚያ እየቀረብን ነው» ቢል፣ ያ በስላይዱ ላይ ከሰፈረ የትንበያ ቁጥር እኩል ሊመዘገብ አይገባም። በአንጻሩ ኩባንያው በፈቃዱ ያላነሳው ነገር የሚወጣው ከመስመሩ በታች ነው፤ ተንታኞች ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ሳይጠይቁ አያልፉም።

አሁን ወደ ፍለጋው። ጽሑፉን በተራ የጽሑፍ ፋይልነት ካስቀመጡት፣ ሊኑክስ ወይም ማክ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይህ አንድ ትእዛዝ ሊነበቡ የሚገባቸውን መስመሮች ከነቁጥራቸው ያወጣል፦

```
grep -n -i -E "guidance|outlook|expect|target|break.?even|FY2[67]|Ethiopia|birr" call.txt
```

ይህ የሌለው ሰው ፋይሉን ከፍቶ Ctrl+F በመጫን ቃላቱን አንድ በአንድ መፈለግ ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ይጨምርበት እንደሆነ እንጂ ውጤቱ ያው ነው። ፍለጋው ግን የሚያሳየው የት ማንበብ እንዳለብዎ ብቻ ነው፤ ከተገኘው መስመር በላይና በታች ያለውን አንቀጽ ሳያነቡ ምንም ቁጥር አይቅዱ። «ኬንያ ውስጥ» የሚለው ሐረግ ከቁጥሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ተነግሮ ሊሆን ይችላል።

ሠንጠረዡ

ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ረድፍ ይስጡ። በረድፉ ላይ የሚሰፍሩት፦ የሚለካው ነገር፣ ቁጥሩ ከነመለኪያው (ሽልንግ፣ ብር፣ ዶላር ወይም በመቶ)፣ የትኛውን ጊዜ እንደሚመለከት፣ የማን እንደሆነ (የቡድኑ፣ የኬንያ ወይስ የኢትዮጵያ)፣ ማን እንደተናገረው፣ የጽሑፉ መስመር ወይም የቀረጻው ደቂቃ። የመጨረሻው ዓምድ ለዓይነቱ ነው፤ ስህተት የሚበዛውም እዚያው ላይ ነው።

ዓይነቱ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል። «ውጤት» የሆነና የተመዘገበ ነው። «ትንበያ» ኩባንያው ለተወሰነ ዓመት በቁጥር የሚሰጠው፣ ካልደረሰበትም ወጥቶ የሚያስረዳበት ነው። «ግብ» ከዚያ ይላላል፤ አቅጣጫ ያሳያል፣ ዓመት ቢጠቀስለትም የሚሸራረፍ ነው። አንዱን ከሌላው ለመለየት ግሱን ይመልከቱ፤ «ሆነ»፣ «ይሆናል ብለን እንጠብቃለን» እና «ልንደርስበት እንፈልጋለን» በአንድ ሣጥን አይገቡም።

በ2017ቱ መግለጫ ላይ ሦስቱም አሉ። በኢትዮጵያ በ90 ቀናት ውስጥ አገልግሎቱን የተጠቀሙ ደንበኞች 8.8 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ ከዓመት በፊት 4.4 ሚሊዮን ነበሩ። ይህ ውጤት ነው። ቡድኑ በFY26 ከወለድና ከግብር በፊት ከ144 እስከ 150 ቢሊዮን ሽልንግ አተርፋለሁ ብሏል፤ ይህ ትንበያ ነው። የኢትዮጵያው ሥራ በFY27 ወጪውን በገቢው ይሸፍናል መባሉ ደግሞ ግብ ነው።

ስለ ደንበኞቹ ቁጥር አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። 8.8 ሚሊዮኑ ላይ «በ90 ቀናት» የሚለው አብሮ ካልተጻፈ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። በሦስት ወር አንዴ የደወለ ሰውም በዚህ ይቆጠራል። በ30 ቀናት የሚለካው ሌላ ቁጥር ነው፣ ያነሰም ነው፤ የተሸጠ ሲም ካርድ ብዛት ደግሞ ሌላ። የተለያየ መለኪያ ያላቸውን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ «አደገ» ወይም «ወደቀ» ማለት በዚህ ሥራ ከሚታዩት ስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው።

ሁለቱ ትርፎች

ወደ 45.8 እና 69.8 ቢሊዮኑ እንመለስ። ሁለት ቁጥር ሲያገኙ አንዱን አይሰርዙ፤ ሁለቱንም በየራሳቸው ረድፍ ያስፍሩና አብረዋቸው የተነገሩትን ቃላት ይፈልጉ። አነስተኛው የቡድኑ አጠቃላይ የተጣራ ትርፍ ነው። ትልቁ «ለኩባንያው ባለአክሲዮኖች የሚደርሰው» የሚል ሐረግ ተከትሎታል።

የኢትዮጵያው ኩባንያ የሳፋሪኮም ብቻ አይደለም። ሳፋሪኮም የያዘው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ድርሻ ነው፤ ቮዳኮም፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋምና በዓለም ባንክ ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ቀሪውን ይዘዋል። ሕጉ የሚለው ከግማሽ በላይ የያዘ ኩባንያ የልጁን ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ከራሱ ጋር ይደምር ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ኪሳራ መቶ በመቶ ወደ ቡድኑ ሒሳብ ገብቶ ትርፉን ወደ 45.8 ቢሊዮን አወረደው። ከዚያ ሌሎቹ ባለድርሻዎች የሚሸከሙት የኪሳራ ክፍል ተነጥሎ ሲወጣ፣ ለሳፋሪኮም ባለአክሲዮኖች የሚደርሰው 69.8 ቢሊዮን ሆነ። ከጠቅላላው ክፍሉ የሚበልጥበት ነገር እንግዳ ቢመስልም፣ የሚቀነሰው ነገር ራሱ ኪሳራ ሲሆን የሚመጣው ይኸው ነው።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማንም በቀጥታ ያልተናገረውን ነገር ይነግራል። በቀደመው ዓመት ሁለቱ ቁጥሮች 42.7 እና 63.0 ቢሊዮን ነበሩ፤ ልዩነታቸው 20.3 ቢሊዮን። በFY25 24 ደረሰ። አጋሮቹ የሚሸከሙት ኪሳራ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ደንበኛው እጥፍ በሆነበት በዚያው ዓመት። የብር መዳከም ከምክንያቶቹ ዋነኛው ነው። የፋይናንስ ኃላፊው ይህን ስሌት ቁጭ ብሎ ባይሠራም፣ ከተሰጡት አራት ቁጥሮች ማንም በስልኩ ማስያ ሊደርስበት ይችላል። እንዲህ ያለውን የራስዎን ስሌት ግን ከተነገረው ቁጥር ጋር አያቀላቅሉ፤ በሌላ ቀለም ይጻፉት ወይም «የተሰላ» ብለው ምልክት ያድርጉበት።

ትንበያውን መፈተሽ

ከ144 እስከ 150 የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም። ከጎኑ መነሻውን ያስቀምጡ፦ በFY25 ይኸው ትርፍ 104.1 ቢሊዮን ነበር። የታችኛው ጫፍ የ38 በመቶ፣ የላይኛው የ44 በመቶ ዕድገት ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ዝላይ ከኬንያው በሳል ገበያ ብቻ ይመጣል ተብሎ አይገመትም፤ ስለዚህ በትንበያው ውስጥ አለ ተብሎ የሚገመተው ሐሳብ የኢትዮጵያ ኪሳራ በጉልህ ይቀንሳል የሚል ነው። አሁን ወደ ጽሑፉ ይመለሱና ይህን የሚያረጋግጥ ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ። ካገኙ መስመሩን ይመዝግቡ፤ ካላገኙ ግምት ብለው ይተዉት።

ትንበያ ሁልጊዜ ከሁኔታ ጋር ነው የሚሰጠው። የምንዛሪ ተመኑ እንዲህ ከቆየ፣ የአገልግሎት ዋጋ ከተስተካከለ፣ ታክሱ ካልተለወጠ ወዘተ የሚሉት ሐረጎች ከቁጥሩ ጋር በአንድ ረድፍ ይሰፍራሉ። ብዙዎች ቁጥሩን ወስደው ሁኔታውን ይጥሉታል፤ ከስድስት ወር በኋላ ትንበያው ሲከለስ «ዋሹን» የሚሉትም እነሱ ናቸው።

ግቡንም እንዲሁ። ወጪን በገቢ መሸፈን ሲባል የትኛው ወጪ? ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ተቀናሽ በፊት ባለው ስሌት ከሆነ፣ የማማዎቹና የመሣሪያዎቹ እርጅና፣ የብድሩ ወለድም አልተቆጠረም ማለት ነው። በዚያ ስሌት ኪሳራ ያቆመ ኩባንያ በተጣራ ሒሳብ ለዓመታት እየከሰረ ሊቀጥል ይችላል። ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር የከፈለ ኩባንያ ላይ ይህ ጥቃቅን የቃላት ጉዳይ አይደለም። ዓመቱም ይታይ፤ ኩባንያው ቀደም ባሉት መግለጫዎቹ ይጠቅስ የነበረው የኢትዮጵያ ሥራውን አራተኛ ዓመት ነበር፤ FY27 የመጣው ብር ከተዳከመ በኋላ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የድሮው ግብ አይጠፋም፤ ተሰርዞ እንዲታይ ሆኖ አዲሱ ከጎኑ ይጻፋል።

ጽሑፉ ራሱ ሲሳሳት

የንግግር ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በማሽን ተጽፎ በችኮላ የታረመ ነው። በእንግሊዝኛ አሥራ አምስትና አምሳ፣ አሥራ ስምንትና ሰማንያ በጆሮ ይቀራረባሉ። ሚሊዮንና ቢሊዮን ይለዋወጣሉ። ብር የሚለው ቃል ለማሽኑ እንግዳ ስለሆነ «beer» ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ፍለጋው ምንም ካላመጣ በዚያም ቃል ይሞክሩ። ከሁሉ የሚከፋው «not» የምትለዋ አሉታ መጥፋቷ ነው፤ «አንጠብቅም» የተባለው «እንጠብቃለን» ሆኖ ይቀራል።

ማጣሪያው ሁለት ነው። ውጤት የሆነውን ሁሉ ከመግለጫው ሠንጠረዥ ጋር ያመሳክሩ። ሠንጠረዥ የሌለውን፣ ማለትም በጥያቄና መልስ ላይ የተነገረውን ትንበያና ግብ፣ ቀረጻውን ከፍተው በጆሮዎ ይስሙ። ሁሉንም መስማት አያስፈልግም፤ የመዘገቡት ደቂቃ ወደ ቦታው ይወስድዎታል። ተጨማሪ ፈተና ከፈለጉ ዕድገቱን ራስዎ ያስሉት፦ 69.8 ለ63.0 ሲካፈል የ10.8 በመቶ ዕድገት ይሰጣል፤ ኩባንያው የጠቀሰውም ይህንኑ ነው። ስሌቱ የማይገጥም ከሆነ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ተሳስቷል፣ ወይም የመለኪያው መሠረት ተለውጧል።

ትንበያ ሲጠፋ

ባዶ ሣጥንም መረጃ ነው። ለምሳሌ ሰበታ ያለውን የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የእንግሊዙ ዲያጂዮ በ2012 እ.ኤ.አ. በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር። በኤፕሪል 2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲመጣ ዲያጂዮ ለባለሀብቶች የሰጠውን ትንበያ አነሣ፤ በኦገስት ውጤቱን ሲያቀርብም ለሚቀጥለው ዓመት የተለየ ትንበያ አልሰጠም። በዚያው መግለጫ የሥራ ማስኬጃ ትርፉ በ47.1 በመቶ ወረደ፤ የምንዛሪና የልዩ ክስተቶች ውጤት ሲወጣለት ግን የወረደው 14.4 በመቶ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ካራራቁት ነገሮች ዋነኛው ለሕንድ፣ ለናይጄሪያ፣ ለኢትዮጵያና በኮሪያ ለሚሸጥ አንድ ውስኪ የተያዘ 1.3 ቢሊዮን ፓውንድ የንብረት ዋጋ ቅነሳ ነበር።

የሰበታው ፋብሪካ በዚያ ዋና መግለጫ ውስጥ የነበረው ቦታ ይኸው ነው፤ በዝርዝር መካከል አንድ የአገር ስም። ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን «ቁጥር ስላልተሰጠው» ብሎ መዝለል የለበትም፤ አገሩ ተጠቅሷል፣ ለብቻው ቁጥር አልተለየም ብሎ ይጻፍ። ትንበያ ላይም «ተነሥቷል» እና «አልተሰጠም» እና «አልተገኘም» ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ዲያጂዮ ሜታን ለቢጂአይ ኢትዮጵያ የሸጠው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያቺን የአገር ስም በ2020 የመዘገበ አንባቢ በሽያጩ ብዙም ባልተደነቀ።

የአገር ቤቱ መግለጫ

በአገር ውስጥ ኩባንያዎች መግለጫ ላይ ይኸው ሠንጠረዥ ከጥቂት ማስተካከያ ጋር ይሠራል። ልዩነቱ የእኛ ኩባንያዎች በትንበያ ሳይሆን በዕቅድ መናገር ይወዳሉ። ኢትዮ ቴሌኮም የ2017 በጀት ዓመት ገቢውን 162 ቢሊዮን ብር ብሎ ሲያሳውቅ ሁለት የመቶኛ ቁጥሮች አብረው ተነገሩ፦ የዕቅዱ 99 በመቶ፣ ካለፈው ዓመት ደግሞ የ72.9 በመቶ ዕድገት። የመጀመሪያው ዕድገት አይደለም፣ ሁለተኛውም አፈጻጸም አይደለም። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ «ዕቅድ» የሚል አራተኛ ዓይነት ይጨመርና ዕቅዱ ራሱ ስንት እንደነበር ይፈለግ፤ 163.7 ቢሊዮን ብር ነበር። 162 ለ163.7 ሲካፈል 99 በመቶ ይመጣል፣ ቁጥሩ ይገጥማል።

የሳፋሪኮም የግማሽ ዓመት ውጤት በኖቬምበር፣ ማለትም በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር፣ ይወጣል። በዚያን ጊዜ አዲስ ሠንጠረዥ አይክፈቱ። በግንቦት የሠሩትን አውጥተው ከትንበያው ቀጥሎ አንድ ዓምድ ይጨምሩና መጀመሪያ የሚፈልጉት በግንቦት የተሰጠው የትንበያ ክልል እንዳለ ስለመቆየቱ፣ ከፍ ስለማለቱ ወይም ዝቅ ስለማለቱ የተነገረውን ዓረፍተ ነገር ይሁን።